የሂሳብ ድርጅትን ማሰናበትና መዝገብን መረከብ፦ ጥያቄና መልስ

መለዋወጫ አስመጪ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለን። ሂሳባችንን ለዓመታት ከያዘልን ድርጅት ጋር በታኅሣሥ መጨረሻ ልንለያይ ነው። የስንብት ደብዳቤ መስጠት ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ከደብዳቤው በፊት ውልዎን ያውጡና ያንብቡ። ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚያስፈልግና ሲለያዩ ሰነድ እንዴት እንደሚመለስ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ተተኪውንም አስቀድመው ይወስኑ፤ በሁለቱ መካከል ባዶ ወር መኖር የለበትም።

በደብዳቤው ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው «ውላችን ከታኅሣሥ 30 ጀምሮ ተቋርጧል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ችግሩ የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው። የታኅሣሥ ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ የሚቀርበው በጥር ነው። አሮጌው ድርጅት «እኔ በታኅሣሥ ወጥቻለሁ» ይላል፤ አዲሱ «እኔ በጥር ነው የጀመርኩት» ይላል። ማስታወቂያው ሳይቀርብ ይቀርና ቅጣቱ በእርስዎ ማኅበር ስም ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ብለው በግልጽ ይጻፉ፦ «የታኅሣሥ ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ እና ከክፍያ ላይ ተቀንሶ የተያዘ ግብር የምታሳውቁት እናንተ ናችሁ። የጥር ወርና ከዚያ በኋላ ያለው የተተኪው ነው።» አንዱን ቅጂ የተቀባይ ፊርማና ማኅተም አስደርገው ያስቀሩ።

ጊዜውን መምረጥ የሚችል ሰው ካለ ደግሞ ኅዳር ጥሩ ነው። የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅቶች የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ፤ ኅዳር ላይ ያለፈው ዓመት ተዘግቶ ያድራል። በመስከረም መለያየት ግን ያልተዘጋ ዓመት ለማያውቀው ሰው ማስረከብ ነው።

መለዋወጫ አስመጪ፦ ምን ምን ስጡኝ ልበል? «ሙሉ ሰነዳችንን» ብዬ ጽፌ ነበር።

መልስ፦ እንደዚያ ከጻፉ የሚያገኙት በካርቶን የታጨቀ ደረሰኝ ነው። በዓይነቱ ለይተው ይጠይቁ። የግዢና የሽያጭ ደረሰኞች፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው የዜድ ሪፖርቶች፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኖች፣ የባንክ መግለጫዎች፣ የቀረቡ የግብር ማስታወቂያዎች ከነክፍያ ደረሰኛቸው፣ ደንበኞች ግብር ሲቀንሱባችሁ የሰጧችሁ ደረሰኞች፤ እነዚህ የእናንተ ናቸው። ከዚህ ሌላ በክፍያ ያሠራችሁት ሥራ አለ፦ አጠቃላይ መዝገቡ፣ የሂሳብ ሚዛኑ፣ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ከነተጠራቀመ እርጅናው።

ሂሳቡ በፒችትሪ የተያዘ ከሆነ የታተመ ወረቀት ብቻ አይቀበሉ። የመጠባበቂያ ቅጂውን፣ ማለትም ስሙ በ `.ptb` የሚያልቀውን ፋይል ይጠይቁ። የፕሮግራሙን ዓመተ ምሕረትና የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃልም ያጽፉ። በአዲስ የፒችትሪ ዕትም የተሠራ ፋይል በአሮጌው ስለማይከፈት፣ ተተኪው ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ ሳያይ የርክክብ ሰነድ ላይ አይፈርሙ።

ድርጅቱ ለራሱ ያዘጋጀውን የሥራ ወረቀት፣ የውስጥ ማስታወሻውንና የማጣሪያ ስሌቱን ግን የመስጠት ግዴታ የለበትም። እሱን እየጠየቁ ጭቅጭቅ ውስጥ አይግቡ።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛው ክፍያ ካለበት ድርጅቱ መዝገቡን የመያዝ መብት አለው። እኛ ቢሮ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚደረገው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሠሩት ሥራ መከፈል እንዳለበት አልክድም። ያልተከፈለበትን ሚዛን ወይም ሪፖርት ማዘግየት አንድ ነገር ነው። የደንበኛውን የራሱን ደረሰኝ መያዣ ማድረግ ግን ሌላ ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መዝገብ የመያዝና የማቅረብ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋዩ ነው። ኦዲተር ሲመጣ «ሰነዱ የሂሳብ ሠራተኛዬ ዘንድ ተይዟል» ማለት ከቅጣት አያድንም።

የሂሳብ ሠራተኛ፦ ውሉ ላይ ከተጻፈስ?

መልስ፦ ያኔ ውሉን የሕግ ባለሙያ ይየው፤ በዚህ ላይ እኔና አንተ እዚህ የምንቋጨው ነገር የለም። ለደንበኛው የምመክረው የማይከራከርበትን ክፍያ በባንክ ከፍሎ፣ የሚከራከርበትን በጽሑፍ ለይቶ፣ ሰነዱን ከክርክሩ ውጭ እንዲጠይቅ ነው። እስከዚያው የባንክ መግለጫውን ከባንኩ፣ የቀረቡ ማስታወቂያዎችን ከግብር ቅርንጫፉ ማግኘት ይችላል።

ከሜሪላንድ፦ እኔም ገጠመኝ። የሬስቶራንቴን ታክስ የሚሠራልኝ ሰው ካልከፈልከኝ ወረቀትህን አልሰጥም አለኝ። ይህ ሕግ እዚህም ይሠራል?

መልስ፦ የእርስዎ በአሜሪካ ደንብ ነው የሚታየው፤ እዚያ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ የተብራራ ነው። በአይ.አር.ኤስ ፊት የሚሠሩ ባለሙያዎችን የሚገዛው ሰርኩላር 230፣ ደንበኛው ሲጠይቅ የፌዴራል ግብር ግዴታውን ለመወጣት የሚያስፈልጉትን ሰነዶቹን ሳይዘገዩ እንዲመልሱ ያዛል። የክፍያ ክርክር በመሠረቱ ምክንያት አይሆንም። የግዛቱ ሕግ ሰነድ መያዝን የሚፈቅድ ቢሆን እንኳ ከማስታወቂያው ጋር መያያዝ ያለባቸውን መስጠትና ሌሎቹን እንዲያዩና እንዲገለብጡ መፍቀድ አለበት። ይህን ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁት። በቅጽ 2848 የሰጡት ውክልና ካለም መሻርዎን አይርሱ።

ባለአክሲዮን፦ ኦዲተራችንን መቀየር ፈልገን ነበር፤ በዚሁ መንገድ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጻፍ?

መልስ፦ አይደለም፤ የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው። የአክሲዮን ማኅበር ኦዲተር የሚሾመው በባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እዚህ የምናወራው ሂሳብ ስለሚጽፍ ድርጅት ነው።

አዲሱ ድርጅት ውስጥ የምሠራ፦ ሰነድ ተረክበን ስናበቃ ስህተት የምናገኘው ከወራት በኋላ ነው። በርክክቡ ቀን ምን እንይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሚዛኑን ከመጨረሻዎቹ ማስታወቂያዎች ጋር አስተያዪ። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በታኅሣሥ ማስታወቂያ ላይ ወደሚቀጥለው ወር የተላለፈው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመላሽ 184,000 ብር ነው እንበል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን 151,000 ብር ነው። ልዩነቱ 33,000 ብር ነው። በ15 ከመቶ ሲሰላ የ220,000 ብር ግዢ ማለት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጊው የዚያን ያህል ግዢ ነው። በኅዳር ማስታወቂያ ዝርዝር ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ተካትቶ፣ መዝገቡ ላይ ግን ሳይገባ ቀርቶ ታገኚዋለሽ። ዋናው ደረሰኝ ካለ መዝገቡ ይስተካከላል። ደረሰኙ ከሌለ ግን ጉድለቱ ማስታወቂያው ላይ ነው፤ ኦዲተሩ ሲደርስበት ታክሱ ከነወለዱ ይጠየቃል። ይህን የሚያስረዳው ማስታወቂያውን ያዘጋጀው ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የርክክብ ሰነዱ ሳይፈረም ጠይቂው። ልዩነቱ ካልተፈታም ቁጥሩን ከነምክንያቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ አስፍሪ።

ከአሮጌው ድርጅት ጋር በቀጥታ ለመነጋገር ደግሞ የደንበኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። አለበለዚያ ምስጢር ስለሚጠብቁ አያናግሩሽም፤ ልክም ናቸው።

መለዋወጫ አስመጪ፦ የግብር ድረ ገጹ የይለፍ ቃልም በእነሱ እጅ ነው። መቼ ልቀይረው?

መልስ፦ የታኅሣሥ ማስታወቂያ ቀርቦ የክፍያ ደረሰኙ እጅዎ በገባ ዕለት። ቀድመው ከቀየሩ ማስታወቂያውን እንዳያቀርቡ ያግዷቸዋል። የይለፍ ቃሉን ብቻ መቀየርም አይበቃም፤ መለያው ላይ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነ ይዩ። የቀድሞው ሂሳብ ሠራተኛ ስልክ ከሆነ የግብር ቢሮው መልእክት ሁሉ ለእሱ ይደርሳል። በማኅበሩ ስም ወደተያዘ ስልክና ኢሜይል ያዛውሩት። ለሠራተኛቸው የሰጡት ውክልና ካለ በሰነዶች ማረጋገጫ ሽረው፣ የሽረቱን ቅጂ ለግብር ቅርንጫፉ በደብዳቤ ያስገቡ።