የ36,000 ብሩ ጉድለት ተጠያቂ ማን ነው?

«ከጣና የሚወጣ ዓሣ እየገዛን ፊሌቶ አዘጋጅተን የምንሸጥ ማኅበር ነን። ስታንዳርዳችን ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ 15 ደቂቃ፣ ለአንድ የሥራ ሰዓት 40 ብር ተለዋዋጭ ኦቨርሄድ፣ ማለትም እንደ በረዶና መብራት ያለ ከሥራው ጋር የሚጨምር ወጪ ነው። ቋሚው በወር 180,000 ብር ሆኖ ለ6,000 ኪሎ ሲካፈል ለኪሎ 30 ብር ይደርሳል። በሐምሌ በ1,320 ሰዓት 4,800 ኪሎ አመረትን፤ ተለዋዋጩ 56,760፣ ቋሚው 186,000 ብር ፈጀ። ሪፖርቱ 50,760 ብር ጉድለት ያሳያል። ከየት መጣ?» (ከሽንብጥ)

ለ4,800 ኪሎ የሚፈቀድላችሁ 1,200 ሰዓት ነበር፤ በ40 ብር ሲባዛ 48,000 ይሆናል። እናንተ ያወጣችሁት በ8,760 ይበልጣል። ይህን ለሁለት ለመክፈል መሐል ላይ 1,320 ሰዓትን በ40 አባዙ፤ 52,800 ይመጣል። ከዚያ በላይ የወጣው 3,960 ብር የአወጣጥ ልዩነት ነው፤ ከ48,000 እስከ 52,800 ያለው 4,800 ብር ደግሞ በ120 ትርፍ ሰዓት የመጣ የቅልጥፍና ልዩነት ነው።

በቋሚው በኩል ከበጀት በላይ የወጣው 6,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 36,000 የቮልዩም ልዩነት ነው፤ ሳይመረት የቀረው 1,200 ኪሎ በ30 ብር ተባዝቶ። ለዚህኛው ከካዝና ተጨማሪ ሳንቲም አልወጣም። ኪራዩና የጥበቃው ደመወዝ ባይመረትም ይከፈላሉ፤ የሚሸከማቸው ኪሎ ነው ያነሰው።

«ሥራ አስኪያጃችን 4,800 ብሩን አይቶ ‹በረዶና መብራት አባከናችሁ› ብሎ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ሠራተኛ ወቀሰው። ትክክል ነው?» (ከዚያው ማኅበር)

አይደለም። የቅልጥፍና ልዩነት የሚሰላው በሰዓት ብቻ ስለሆነ ስለ በረዶ የሚናገረው ነገር የለም። የባከነ በረዶ ወይም መብራት ካለ የሚታየው በ3,960ው ውስጥ ነው። የአወጣጥ ልዩነት ሲባል ብዙዎች ዋጋ ብቻ ይመስላቸዋል፤ የበሩ ጎማ አልቆ ቅዝቃዜው ሲያመልጥ የሚጨምረው የመብራት ሒሳብም የሚገባው እዚያው ነው።

120ው ሰዓት የት እንደሄደ ለማወቅ የመረከቢያውን መዝገብ ተመልከቱ። ከአንድ ቀረሶ የሚገኘው ፊሌቶ የክብደቱን ሲሶ ያህል ነው እንበል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ቀረሶ ሲመጣ ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ 6 ዓሣ ይበቃል፤ ሩብ ኪሎ የሚመዝን ከሆነ ግን 12 ያስፈልጋል። ቢላዋ የሚይዘው ሰው እያንዳንዱን ዓሣ በሁለቱም ጎን መግፈፍና ቆዳውን ማንሳት አለበት፤ ስለዚህ እጁ ሳይሰንፍ ሰዓቱ ይረዝማል። ሳጥን ውስጥ ስንት ዓሣ እንደገባ ካልተመዘገበ ይህ በሪፖርት ላይ የሠራተኛ ስንፍና መስሎ ይቀርባል። መብራት ጠፍቶ የተጠበቀበት ሰዓት ካለም ለብቻው ይጻፍ።

«የምርት ኃላፊ ነኝ። የቮልዩም ልዩነቱን በእኔ የአፈጻጸም ምዘና ውስጥ አስገቡት። ልጠየቅበት ይገባል?»

1,200ው ኪሎ ለምን እንዳልተመረተ ሳይታወቅ አይገባም። ዓሣው ካልቀረበ ጉዳዩ የግዢ ነው፤ ትእዛዝ ካልመጣ የሽያጭ ነው። ማሽን ቆሞ ወይም የሰው ኃይል ሳይመደብ ከቀረ ግን የእርስዎ ነው። በክረምት ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ስለሚወጣ አቅርቦቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ደግሞ የወቅት ጉዳይ ነው። 6,000 ኪሎ የዓመቱ 72,000 ለ12 ተካፍሎ የተገኘ አማካይ ከሆነ፣ የሐምሌ ጉድለት ቀድሞ የሚታወቅ ነው። በዐቢይ ጾም ፈላጊው በዝቶ 7,000 ኪሎ ስታመርቱ በተቃራኒው 30,000 ብር ትርፍ ልዩነት ይመጣል፤ እሱም ቁጠባ አይደለም።

ለአስተዳደሩ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፤ 36,000 ብር ድርጅቱ ያጣውን ገንዘብ አይለካም። አንድ ኪሎ ፊሌቶ ተለዋዋጭ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 55 ብር የሚያስቀር ከሆነና ፈላጊ ኖሮ 1,200 ኪሎ ካመለጠ፣ የጠፋው 66,000 ብር ነው። ፈላጊ ካልነበረ የጠፋ ሽያጭ የለም፤ ልዩነቱ የሚናገረው አቅም ሥራ ፈትቶ መዋሉን ነው። ይህ ከወቅቱ ውጭ ለወራት ከዘለቀ የሚጠየቀው የማቀዝቀዣ ክፍሉን ኪራይ የወሰነው ሰው ነው።

«በነሐሴ 7,000 ኪሎ አምርተን ፍሪዘር ብንሞላ ልዩነቱ ይካካሳል። ምን ችግር አለው?»

ትእዛዛችሁ 5,000 ከሆነ 2,000 ኪሎው 60,000 ብር ቋሚ ወጪ ተሸክሞ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። የነሐሴ ትርፍ ያምራል፤ ገንዘቡ ግን ለዓሣ ግዢና ለመብራት ወጥቷል። በሐምሌ ደግሞ በተቃራኒው 180,000ውን ለ4,800 አካፍላችሁ ኪሎውን 37 ብር ከ50 አታድርጉት። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ስታንዳርድ 2 ቋሚ የምርት ኦቨርሄድ በመደበኛ አቅም እንዲደለደል፣ በምርት ማነስ ያልተደለደለው ደግሞ የዚያው ጊዜ ወጪ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ዋጋችሁን በ37.50 ላይ ከመሠረታችሁ ገዢ ይሸሻል፤ ኪሎው የበለጠ ሲያንስ ተመኑ እንደገና ይወጣል።