«እሁድ ሌሊት» የትኛው ሌሊት ነው?

*ጥያቄ፦ ጅማ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። ሰርቨር ልንቀይር ስለሆነ «እሁድ ከለሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ሲስተም ስለሚጠፋ እንድትተባበሩን በትህትና እንጠይቃለን» የሚል ማስታወቂያ ለሁሉም ሠራተኛ አረቀቅኩ። ግማሹ የቅዳሜው ማታ ነው ሲል ግማሹ የእሁዱ ነው አለ። ማን ነው ልክ? «ይጠፋል» ማለቱስ ያስኬዳል?*

ሁለቱም ወገኖች ልክ ናቸው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በአገራችን ቀን የሚጀምርበት ሰዓት አንድ አይደለም። በዕለት ተዕለት ንግግር ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሌሊቱም ከኋላው ይከተላል። በዚህ አቆጣጠር «እሁድ ሌሊት 7 ሰዓት» ስንል ሰኞ ሊነጋ 5 ሰዓት ሲቀረው ነው። በቤተ ክርስቲያን ግን ዕለቱ የሚገባው ከዋዜማው ጀምሮ ነው፤ በመስጊድም «የጁምዓ ሌሊት» የሚባለው የሐሙስ ማታው ነው። ጅማ ላይ ይህ አነጋገር የአደባባይ ነውና ከሠራተኞችዎ ብዙዎቹ «የእሁድ ሌሊት» ሲባሉ ቅዳሜ ማታን ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ሦስተኛው ቆጣሪ ሰርቨሩ ራሱ ነው። እሱ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ የቅዳሜውን ሌሊት 7 ሰዓት «እሁድ 01:00» ብሎ ይመዘግበዋል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «በዚህ ዘመን ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ እሁድ ከተባለ እሁድ ነው» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ይሞክራሉ። አልቀበለውም። ማስታወቂያ የሚጻፈው ለማሽን ሳይሆን ሌሊት ተረኛ ለሆነች ነርስ ነው። እሷ ደግሞ ሰዓቱን ከጧት 12 ጀምራ እየቆጠረች፣ ቀኑን ብቻ በፈረንጅ ልማድ ልትቆጥር አትችልም።

አማርኛ ለዚህ ከጥንት ጀምሮ መፍትሔ አለው፦ «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ»። ሁለቱንም ቀን ስለሚጠራ ለክርክር በር አይከፍትም። አጥቢያ የመጣው «ነጋ ጠባ» ከምንልበት «ጠባ» ነው፤ ሕፃን ከሚጠባው ጋር ዝምድና የለውም። የነጋው «ጠባ» ግእዙ «ጸብሐ» ነው። «ጸጉር» «ጠጉር» እንደሆነ ሁሉ «ጸ» ወደ «ጠ» ዞረ፣ የመጨረሻው «ሐ» ደግሞ ተውጦ ቀረ። «ጽባሕ»ም ከዚሁ ነው፤ የጅማ ሙስሊሞች ለሶላት የሚነሡበት «ሱብሂ»ም በዐረብኛ በኩል የመጣ የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። እንግዲህ ቃሉ በከተማችሁ ለማንም ባዕድ አይደለም። ወጣቶቹ አጥቢያ ሲባሉ ሰበካ ቤተ ክርስቲያን ብቻ እንደሚታያቸው አውቃለሁ። ለእነሱ «ቅዳሜ ማታ ለእሁድ» ቢሏቸውም ይግባባሉ፤ እኔ ግን «አጥቢያ»ን አልለቅም።

«ለሊት» ብለው የጻፉት «ሌሊት» ነው፤ ግእዙም አማርኛውም በ«ሌ» ነው። ጋዜጣ ሳይቀር «ለሊት» እያለ ስለሚጽፍ ይህ ክርክር ከእጄ እየወጣ እንደሆነ አያለሁ፤ ቢሆንም በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ላይ እንዳይጽፉት እለምንዎታለሁ።

ወደ «ይጠፋል» ልምጣ። መብራት ይጠፋል፤ ማንም ሳያቅደው፣ ማንም ሳይጠየቅበት። «ጠፋ» ደራሽ ነገርን የሚናገር ግሥ ነው። ከዚህም በላይ በሆስፒታል «ሲስተም ይጠፋል» የሚለውን ያነበበ የካርድ ክፍል ሠራተኛ «የሕሙማኑ መረጃ ሊጠፋ ነው እንዴ?» ቢል ቃሉ ያስብለዋል። «ለጊዜው ይቋረጣል» ይበሉ፤ የተቋረጠ ነገር ይቀጥላል። እኔ ብሆን አድራጊው እንዲታወቅ «እናቋርጣለን» ብዬ በጻፍኩ፤ የመሥሪያ ቤት ልማድ ግን በተገብሮው ስለጸና ምክንያቱ ላይ «ስለምንቀይር» ካሉ ይበቃል። «ሲስተም»ን ደግሞ «ሥርዓት» ይበሉት የሚል ምክር ቢመጣ አይስሙ። እኔም ድሮ የምደግፈው ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን «ሥርዓቱ ይቋረጣል» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አንባቢ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው።

በረቂቅዎ ላይ ከሁሉ ያሳሰበኝ «እንድትተባበሩን» የሚለው ነው። በምን ይተባበሩ? ትሕትናው ተግባሩን ዋጠው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በሽተኛ ይዛ የቆመች ነርስ የምትፈልገው ትእዛዝ ነው። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ለሁሉም የሆስፒታሉ ሠራተኞች። ቅዳሜ ኅዳር 6 ለእሁድ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7፡00 እስከ 11፡00 (በኮምፒውተሩ ሰዓት እሁድ 01:00–05:00) ሰርቨር ስለምንቀይር የሕሙማን መመዝገቢያ ሲስተም ለጊዜው ይቋረጣል። ተረኞች 6፡30 ላይ የተኙ ሕሙማንን ስምና የመድኃኒት ዝርዝር ፕሪንት አድርጉ። 6፡45 ላይ የጀመራችሁትን ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። ከ7፡00 ጀምሮ ካርድም፣ የሐኪም ትእዛዝም፣ የላቦራቶሪ ውጤትም በወረቀት ይመዝገብ። ‹ሲስተም ተመልሷል› ብለን እስክናሳውቅ ድረስ፣ 11፡00 ቢያልፍም፣ ስክሪኑ ቢከፈትም፣ ማንም አይግባ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያስረዘምኩት በ«እስከ» ምክንያት ነው። «እስከ 11» ሲባል አንባቢ «በ11 ይመለሳል» ብሎ ቃል እንደተገባለት ይቆጥራል። ሥራው ቢዘገይ፣ ወይም ባለሙያዎቹ ለሙከራ ከፍተውት ሳለ አንዱ ገብቶ ቢመዘግብ፣ መረጃው ወደ ቀድሞው ቅጂ ሲመለስ የጻፈው ይጠፋል። «በወረቀት» ያልኩትንም ሁሉም «በማኑዋል» ይለዋል። ማኑዋል ለእኔ መመሪያ መጽሐፍ ነው፤ ከተማው ሁሉ ግን «በማኑዋል እየሠራን ነው» ብሎ ይግባባልና ቢጽፉት አልከለክልም።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን አንድ ቃል እንዳይቀር አደራ እላለሁ፦ «ከሌሊቱ»። ነርሷ በየ6 ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ሰጥታ «8፡15» ብቻ ጻፈች እንበል። እሷ ያለችው ከሌሊቱ 8፡15 ነው፤ ለኮምፒውተሩ ይህ 02:15 ነው። ጧት የሚገለብጠው ሠራተኛ ቁጥሩን እንዳለ 08:15 ብሎ ካስገባው ሲስተሙ መድኃኒቱ የተሰጠው ከጧቱ 2፡15 ላይ ነው ብሎ ያምናል። በሽተኛው ቀጣዩን መድኃኒት በእርግጥ ሊወስድ የሚገባው በዚያው ሰዓት ነበር፤ ሲስተሙ ግን «አሁን ተሰጥቷል፤ ቀጣዩ ከቀኑ 8፡15 ነው» ይላል፣ አንድ ዙርም ያልፈዋል። በወረቀቱ ላይ «ከሌሊቱ 8፡15» ተብሎ ከተጻፈ ግን ገልባጩ 6 ሰዓት መቀነስ እንዳለበት ያውቃል። ስለዚህ በሚያድሉት ቅጽ ላይ «ሰዓት» የሚለውን ባዶ ቦታ ብቻውን አይተዉት፤ ከፊቱ «ከጧቱ / ከቀኑ / ከምሽቱ / ከሌሊቱ» ብለው ያትሙበትና ተረኛዋ አንዱን ታክብበት።