የድሮው ስልክ ኮድ ሳይቀበል ሰብስክሪፕሽን ማቋረጥ

ጥያቄ፦ «ከሀገር ከወጣሁ በኋላ የድሮው ሲሜ ተዘግቷል። ከካርዴ ላይ ግን በየወሩ የሰብስክሪፕሽን ክፍያ ይቆረጣል። ላቋርጥ ስገባ ኮድ ወደ ድሮው ቁጥር ልከናል ይለኛል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ የኮዱን ነገር ለጊዜው ይተዉትና ገንዘቡን የሚወስደው ማን እንደሆነ ይለዩ። ኮድ የሚጠይቅዎ አገልግሎቱ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰበስበው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሰብስክሪፕሽን ደግሞ የሚቋረጠው ክፍያው በተጀመረበት በኩል ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ኮድ ሲጠብቅ የሚከርመው ጭራሽ መግባት በማያስፈልገው በር ላይ ነው።

የባንክ ስቴትመንትዎን ይክፈቱና ክፍያው የተቆረጠበትን መስመር ያንብቡ። `APPLE.COM/BILL` የሚል ከሆነ ሰብሳቢው አፕል ነው። በ`GOOGLE *` ከጀመረ ጎግል ፕሌይ፣ በ`PAYPAL *` ከጀመረ ፔይፓል ነው። የድርጅቱ የራሱ ስም ብቻ ከተጻፈ ካርድዎን በቀጥታ ለእነሱ ሰጥተዋል ማለት ነው። ስቴትመንቱ ግልጽ ካልሆነ በተቆረጠበት ቀን ኢሜይልዎ ውስጥ የገባውን ደረሰኝ ይፈልጉ፤ ላኪው ማን እንደሆነ ያሳያል።

አፕል ከሆነ አይፎኑ ላይ Settings ይክፈቱ፣ ከላይ ስምዎን ይንኩ፣ ከዚያ Subscriptions ውስጥ ይግቡ። ጎግል ከሆነ Play Store ውስጥ የፕሮፋይል ምስልዎን ነክተው Payments & subscriptions፣ ቀጥሎ Subscriptions ይምረጡ። አካውንቱ ስልኩ ላይ እንደተከፈተ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ መልእክት ኮድ አይጠየቁም። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ ክፍያው የለም ብለው አይደምድሙ፤ ምናልባት የገዙት በሌላ የጎግል አካውንት ነው፣ ቀይረው ይዩ። አፑን ከስልክ ማጥፋት ደግሞ ሰብስክሪፕሽኑን አያቋርጥም፤ ክፍያው እንደነበረ ይቀጥላል።

አካውንቱ የተከፈተበት አሮጌ ስልክ ወይም ታብሌት ቤተሰብ ጋር ቀርቶ ከሆነ ያ ትልቅ ነገር ነው። በቪዲዮ እየተነጋገራችሁ እነሱው ገብተው ያቋርጡልዎ። አደራ፣ ማንም ከአካውንቱ Sign out እንዳያደርግ፣ ስልኩንም «እናጽዳው» ብሎ ወደ ፋብሪካ ይዞታው እንዳይመልሰው። አንዴ ከወጣ ተመልሶ ለመግባት ያው ኮድ ይጠየቃል።

ካርድዎን በቀጥታ የሰጡት ድርጅት ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። እዚህም መጀመሪያ የሚፈለገው ገና ያልተዘጋ መግቢያ ነው፦ የድሮ ላፕቶፕ ብራውዘር፣ ታብሌት፣ የሥራ ኮምፒውተር። ካገኙ ስልክ ቁጥሩን ለመቀየር ጊዜ አያጥፉ። ብዙ አገልግሎቶች ቁጥር ለመቀየር መልሰው ወደ ድሮው ቁጥር ኮድ ይልካሉ፤ ማቋረጫው ገጽ ግን በተከፈተ አካውንት ላይ ብዙ ጊዜ ያለ ኮድ ያልፋል። መጀመሪያ ያቋርጡ፣ ቁጥሩን በኋላ። ክፍት መግቢያ ከሌለ ኮድ በሚጠየቅበት ገጽ ላይ Try another way ወይም ተመሳሳይ ጽሑፍ ይፈልጉ። በኢሜይል መቀበል፣ የማረጋገጫ አፕ ወይም ቀድመው ያስቀመጡት የመጠባበቂያ ኮድ ሊቀርብልዎ ይችላል።

Resend ደጋግመው አይጫኑ። ጥቂት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ አብዛኞቹ ለሰዓታት ይዘጉብዎታል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ኮዱ የሚሄድበት ቦታ ነው። ከሌላ ስልክ ወደ ድሮው ቁጥርዎ ይደውሉ። «ቁጥሩ አገልግሎት ላይ የለም» ካለ የስልክ ድርጅቱን ደንበኛ አገልግሎት ያነጋግሩ፤ ለሌላ ካልተሰጠ ሊመልሱልዎ ይችሉ ይሆናል። የማያውቁት ሰው ካነሳ ግን ቁጥሩ ተሸጧል፤ በላኩ ቁጥር ኮዱ ለእሱ ይደርሰዋል። ያን ጊዜ ከሰብስክሪፕሽኑ በፊት ከኢሜይልዎና ከባንክዎ ላይ ያንን ቁጥር ያስወጡ፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያውም በዚያው ይላካልና። «ኮድ እናስቀብላለን» ብለው ቁጥር የሚያከራዩትንም ይተዋቸው፤ ኮዱ የሚሄደው ወደተመዘገበው ቁጥር ብቻ ስለሆነ ገንዘብዎን ከመብላት ያለፈ አይጠቅሙም።

ሁሉም በር ከተዘጋ ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ይጻፉ፤ የግድ አካውንቱ በተከፈተበት ኢሜይል። ከሌላ አድራሻ የተላከ ከሆነ «ባለቤቱ መሆንዎን ማረጋገጥ አንችልም» የሚል መልስ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «መግባት አልቻልኩም፣ እርዱኝ» ብሎ መጻፉ ላይ ነው። ያኔ ጉዳዩ ወደ መግቢያ ችግር ክፍል ይሄድና መልሰው ኮድ ይልካሉ። የሚጠየቀው ማቋረጥ ነው፦

«በዚህ ኢሜይል የተመዘገበው ሰብስክሪፕሽኔ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይታደስ እጠይቃለሁ። የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ስለተዘጋ ኮድ መቀበል አልችልም፤ ወደ አካውንቱ እንድታስገቡኝ አልጠይቅም። የመጨረሻው ክፍያ የተቆረጠበት ቀን፣ የገንዘቡ መጠን፣ የደረሰኙ ቁጥርና የካርዴ የመጨረሻ 4 አሃዞች ከታች ተጽፈዋል። መቋረጡንና የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።»

ሙሉውን የካርድ ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ያለውን ባለ 3 አሃዝ ቁጥር ወይም የይለፍ ቃል አይላኩ። ደረሰኙ ላይ ያሉት ዝርዝሮች ባለቤትነትዎን ለማሳየት ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።

መልስ ካጡ ወደ ባንክ ይሂዱ፤ ጥያቄዎ ግን «ካርዴን ቀይሩልኝ» አይሁን። ቪዛና ማስተርካርድ የአዲሱን ካርድ ቁጥር ለነባር ክፍያ ሰብሳቢዎች የሚያስተላልፉበት አሠራር ስላላቸው ካርዱ ተቀይሮም ክፍያው ሊከተልዎ ይችላል። የድርጅቱን ስም ጠቅሰው «ለዚህ ሰብሳቢ የሚደረገው ተደጋጋሚ ክፍያ ይቁም» ይበሉ፣ የጻፉትንም ደብዳቤ ያያይዙ። ክፍያ መታገዱ ውሉን እንደማያፈርስ ግን ይወቁ። የዓመት ውል ከሆነ ድርጅቱ ቀሪውን እንደ ዕዳ ሊጠይቅ ይችላል፤ ደብዳቤው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ያለፉትን ክፍያዎች በባንክ በኩል ማስመለስም አለ፤ ሰብሳቢው አፕል ወይም ጎግል ከሆነ ግን መጀመሪያ ከእነሱው ተመላሽ ይጠይቁ። በባንክ በኩል ከተካሰሱ አካውንቱ ሊታገድ ይችላል፤ ኢሜይልዎና ፎቶዎችዎም ያሉት እዚያው ውስጥ ነው።

የአፕል ስቶርዎን ሀገር ወደ አዲሱ ለመቀየር ካሰቡ ከዚህ ሁሉ በኋላ ያድርጉት። አፕል ሰብስክሪፕሽኖቹ ተቋርጠው የተከፈለበት ጊዜ ካላለቀ ሀገር አያስቀይርም። ማቋረጡንም እስከ መታደሻው ዋዜማ አያቆዩ፤ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው ይጨርሱ። ካቋረጡ በኋላ የማረጋገጫ ኢሜይል ካልመጣ ወይም ገጹ ላይ የሚያበቃበት ቀን ካልታየ ሳይቋረጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በቀጣዩ የመታደሻ ቀን ስቴትመንቱን ከፍተው ያንኑ መስመር ይፈልጉ።