ትራንዚስተር ሲቀየር ኮሌክተሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ለምን ይቀየራል?

ጥያቄው፦ «ሰላም የግሩፑ አባላት። በ12 ቮልት የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ሠራሁ። ዲቫይደሩ ላይ 470 እና 100 ኪሎኦም፣ ኮሌክተር ላይ 4.7 ኪሎኦም፣ ኢሚተር ላይ 1 ኪሎኦም አለው። በስሌት ኮሌክተሩ 5.2 ቮልት መሆን ነበረበት። በአዲስ ቢሲ547 ስለካው 6.6 አለኝ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ በነቀልኩት ትራንዚስተር ደግሞ 8.3። የተበላሸው የቱ ነው?»

ሰላም ወንድሜ። ሁለቱም ደህና ናቸው፤ አንዱንም እንዳትጥል። ሒሳብህም ላይ የመደመር የመቀነስ ስህተት የለም። የሳትከው ከሒሳቡ በፊት ነው፦ ቤዙ ከዲቫይደሩ፣ ማለትም 12 ቮልቱን ከፋፍለው ከሚሰጡት ሁለት ሬዚስተሮች፣ ምንም ከረንት አይወስድም ብለህ ቤዙን 2.1 ቮልት አደረግከው። በ470 እና በ100 ኪሎኦም ይህ ግምት አይሠራም።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጀልባ ማይክ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ጥገና እሠራለሁ። ወደ ዘጌ ጎብኚ የሚያመላልስ ጀልባ ላይ የነበረ የማይክ ማጉያ፣ የትራንዚስተሩ እግር በእርጥበት ዝጎ ተበጥሶ መጣልኝ። ከመሳቢያዬ ሌላ ቢሲ547 አውጥቼ በየድኩት። ድምፁ ወጣ፤ ግን የተቀደደ፣ ቃሉ የማይለይ ድምፅ ነበር። ኮሌክተሩን ስለካ 0.1 ቮልት። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ቀየርኩ፣ ያው። ሦስተኛም ቀየርኩ፣ ያው።

በኋላ የተበጠሰውን አንስቼ ከላዩ ያለውን ጽሑፍ ሳነብ በመጨረሻው ላይ ቢ የሚል ፊደል አለው። የእኔዎቹ ግን ሲ ናቸው። ቤታ የሚባለው የኮሌክተሩ ከረንት የቤዙ ከረንት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ በዳታሺቱ ቢ ማለት ቤታው ከ200 እስከ 450፣ ሲ ማለት ከ420 እስከ 800 ነው። ያ ማጉያ ዲቫይደር የለውም፤ ቤዙ ከ12 ቮልት በአንድ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር ብቻ ነው የሚመገበው። ስለዚህ የቤዙ ከረንት ምንም ትራንዚስተር ብትሰካ 11 ማይክሮአምፔር ገደማ ነው። ቤታው 200 ሲሆን ኮሌክተሩ 2.3 ሚሊአምፔር ይስባል፤ 2.7 ኪሎኦሙ ላይ 6 ቮልት ገደማ ይወድቅና ኮሌክተሩ መሐል ላይ ይቀመጣል። ቤታው 500 ሲሆን ግን 5.7 ሚሊአምፔር ይፈልጋል። በዚያ ሬዚስተር በኩል ደግሞ ከ4.4 በላይ ማለፍ አይችልም። ትራንዚስተሩ ሳቹሬሽን ውስጥ ገባ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቀረ፤ የድምፁ ግማሽ ተቆረጠ።

የአንተ ሰርኪዩት ከዚያ በጣም ይሻላል፤ ዲቫይደርም የኢሚተር ሬዚስተርም አለው። ግን ዲቫይደሩ ደካማ ነው። ከቤዙ ሆነህ ወደ ኋላ ብታየው፣ 2.1 ቮልት ያለው ባትሪ ከ82 ኪሎኦም ሬዚስተር ጀርባ እንደተቀመጠ ነው፤ 82 ማለት 470 እና 100 በፓራለል ናቸው። እንዲህ አድርገህ አስላው፦

```
IB = (VT - 0.65) / (RT + (β + 1) × RE)
IC = β × IB
```

VT ዲቫይደሩ ባዶውን የሚሰጠው 2.105 ቮልት፣ RT ያ 82.5 ኪሎኦም፣ RE የኢሚተሩ 1 ኪሎኦም፣ β ቤታው ነው። ቤታ 100 ስታስገባ የቤዙ ከረንት 7.9 ማይክሮአምፔር፣ የኮሌክተሩ 0.79 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ኮሌክተሩ 8.3 ቮልት ላይ ይቆማል። ቤታ 300 ስታስገባ 1.14 ሚሊአምፔርና 6.6 ቮልት። ያነበብካቸው ሁለቱ ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። እንግዲህ አሮጌው ትራንዚስተር ቤታው ወደ 100፣ አዲሱ ወደ 300 ነው ማለት ነው።

በስሌት ብቻ እንዳታምነኝ፣ በመልቲሜትር አረጋግጠው። አሮጌውን ሰክተህ ቤዙን ከግራውንድ ጋር ለካ። 2.1 አታገኝም፤ 1.45 አካባቢ ታገኛለህ። የጎደለው 0.65 ቮልት የቤዙ ከረንት 82 ኪሎኦሙ ላይ የጣለው ነው። ከዚሁ ንባብ ቤታውንም ታወጣለህ፦ በላይኛው ሬዚስተር 22.4 ማይክሮአምፔር ይገባል፣ በታችኛው 14.5 ይወርዳል፣ ልዩነቱ 7.9 ወደ ቤዙ የሄደው ነው። ኢሚተሩ ላይ 0.8 ቮልት ካነበብክ 0.8 ሚሊአምፔር አለፈ ማለት ነው፤ ለ7.9 ስታካፍለው 100 ይመጣል። እኔ መልቲሜትሩ ላይ ካለችው የትራንዚስተር መለኪያ ቀዳዳ ይልቅ ይህን አምናለሁ፤ ትራንዚስተሩ በሚሠራበት ከረንት ላይ የተገኘ ስለሆነ።

አሁን 470ውን በ47፣ 100ውን በ10 ኪሎኦም ቀይር፤ ሌላውን አትንካ። ባዶው ቮልቴጅ ያው 2.1 ነው፤ ከጀርባው ያለው ሬዚስተር ግን ወደ 8.2 ኪሎኦም ወረደ። በቤታ 100 ኮሌክተሩ 1.33 ሚሊአምፔርና 5.7 ቮልት፣ በቤታ 300 ደግሞ 1.41 ሚሊአምፔርና 5.4 ቮልት ይሆናል። ቤታው ሦስት እጥፍ አድጎ ከረንቱ የተቀየረው 6 በመቶ ነው። በፊተኛው ዲቫይደርህ ይኸው ለውጥ ከ40 በመቶ በላይ ነበር።

ይህ የሚሆነው ቀመሩ ውስጥ ሁለት ነገሮች ስለሚፎካከሩ ነው፦ የዲቫይደሩ 8.2 ኪሎኦምና ቤታ ሲባዛ በኢሚተር ሬዚስተር። ሁለተኛው በጣም ከበለጠ ቤታው ከላይም ከታችም ይሰረዝና የኮሌክተሩን ከረንት የሚወስኑት የዲቫይደሩ ቮልቴጅና ኢሚተር ሬዚስተሩ ይሆናሉ። እኔ የምጠቀመው መለኪያ፣ የዲቫይደሩ ፓራለል ዋጋ ዝቅተኛው ቤታ በኢሚተር ሬዚስተር ተባዝቶ ከሚሰጠው ከአሥር አንድ እንዳይበልጥ ነው። እዚህ 100 በ1 ኪሎኦም 100 ኪሎኦም ነው፤ አሥረኛው 10፤ 8.2 ከዚያ ያንሳል። ዝቅተኛውን ቤታ ከዳታሺት ውሰድ፤ እጅህ ላይ ካለው ትራንዚስተር አትውሰድ፤ ነገ የሚቀይረው ሰው ምን እንደሚሰካ አታውቅም።

ታዲያ ለምን 4.7 እና 1 ኪሎኦም አላደርግም ትል ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ማይኩ የሚያየው ጭነት ከ1 ኪሎኦም በታች ይሆንና ድምፁ ሳይጎላ እዚያው ይሞታል፤ ዲቫይደሩም ብቻውን 2 ሚሊአምፔር ከባትሪ ይበላል። ከልክ በላይ ማጠንከር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ኮሌክተሩ 5.4 ላይ ሲቆም ወደ ላይ 6.6 ቮልት ቦታ አለው፤ ወደ ታች ግን ኢሚተሩ 1.4 ላይ ስለሆነ ከ4 ቮልት አይበልጥም። ድምፁ ሲጨምር መጀመሪያ የሚቆረጠው ታችኛው ነው። የኮሌክተሩን ሬዚስተር 3.9 ኪሎኦም ብታደርገው ወደ 6.5 ከፍ ይላል፣ ሁለቱም ጎን ይቀራረባል።

ዲቫይደር የማይከላከለውንም እወቅ። የዲቫይደሩ ሁለት ሬዚስተሮች 5 በመቶ ስህተት በተቃራኒ አቅጣጫ ከተገናኘ ከረንቱን 12 በመቶ ገደማ ያዛባል፤ ከአሁን በኋላ ከቤታው ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነው። አቅርቦቱ ሲጨምርም ቤዙ አብሮ ይወጣል። የጀልባው ሞተር ባትሪውን ሲሞላ 14.4 ቮልት ደርሶ ነበር፤ በ12 የተሰላ ከረንት እዚያ ላይ 29 በመቶ ይጨምራል። ለዚያ ጀልባ ዲቫይደር ከሠራሁለት በኋላ ሬጉሌተር ጨምሬለታለሁ። አንተ ቮልቴጁ ከማይዋዥቅ አዳፕተር የምትሠራ ከሆነ አያስፈልግህም።

ሬዚስተሮቹን ከቀየርክ በኋላ ሁለቱንም ትራንዚስተሮች በየተራ ሰክተህ ቤዙን ለካ። ከ2.0 እስከ 2.07 መሆን አለበት። ካልሆነ የአሮጌውን የእግር ቅደም ተከተል አጣራ፤ ቢሲ547 ጠፍጣፋው ወደ አንተ ሲዞር ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው፤ ሌሎች ብዙ ትራንዚስተሮች ግን በተቃራኒው ናቸው። ያገኘኸውን ቁጥር እዚሁ ጻፍልን።