ከመምህርነት ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ለምታመለክቱ፦ ስለ አንድ የአርፋጆች መዝገብ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ6 ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማረች ወጣት፣ አንድ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩም «ጋሼ፣ ሰው ኃይል ላይ ላመለክት ነው፤ መምህር መሆኔ እንዳይጎዳኝ እንዴት አድርጌ ልጻፈው?» የሚል ጥያቄ አክላለች። መልሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ መምህር በመሆኑ የተጎዳ ሰው አውቃለሁና፣ የጎዳሁትም እኔ ራሴ ነኝና።

በ1998 ዓ.ም. በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ነበርኩ። ለአንድ የሰው ኃይል ኦፊሰር ቦታ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተን፣ የመመዝገቢያው ቀን ሲያበቃ በሁለት ካርቶን የተሞላ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆለለ። ያን ጊዜ ማጣሪያው የሚሠራው በማስመሪያ በተሰመረ ትልቅ ወረቀት ነበር፤ ስም፣ የትምህርት ደረጃ፣ ጠቅላላ የሥራ ልምድ፣ አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ። ከአመልካቾቹ አንዱ በትምህርት ዕቅድና አስተዳደር የተመረቀና 9 ዓመት ያስተማረ ሰው ነበር። በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የተጻፈው ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ነበረው፤ ማስታወቂያውን መመልከቱን፣ መምህር መሆኑን፣ ማስረጃዎቹን ማያያዙንና ዕድሉ ቢሰጠው በትጋት እንደሚያገለግል ይገልጻል። ጠቅላላ ልምድ በሚለው 9 ጻፍኩ፣ አግባብነት ያለው በሚለው ዜሮ፣ በምርመራው ላይ «አያሟላም» ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልወሰደም።

በምትኩ የቀጠርነው ወጣት የሦስት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ልምድ ነበረው፤ ንግግሩም ያማረ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ግን አንድ ማሽን ኦፕሬተር በተደጋጋሚ በማርፈዱ ምክንያት ከሥራ ሲሰናበት፣ የስንብት ደብዳቤውን እሱ አዘጋጅቶ እኔ ፈረምኩበት። ሰውየው ከሰሰን። በወቅቱ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 377/96 በማርፈድ ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት፣ ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲታረም የተነገረው መሆን እንዳለበት ይደነግግ ነበር። ማርፈዱን ፎርማኑም ጥበቃውም መሰከሩ፤ ዳኛው ማስጠንቀቂያው የት እንዳለ ሲጠይቁ ግን የግል ማኅደሩ ተገልጦ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተገኘችበትም። ኦፊሰራችን ለካ ሰውየውን በቃል ብቻ ሲቆጣው ኖሯል። ኦፕሬተሩ ወደ ሥራው እንዲመለስና ውዝፍ ደመወዙ እንዲከፈለው ተፈረደ።

በዚያው ዓመት የልጄ ትምህርት ቤት ወላጅ ይቅረብ ብሎ አስጠራኝ። የገባሁበት ቢሮ ከአንድ ጠረጴዛና ከሁለት አግዳሚ ወንበር በቀር የሚይዘው አልነበረም፤ የተቀበሉኝ የዩኒት ሊደሩ፣ ፊታቸው ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ትልቅ ደብተር ገልጠው አዞሩልኝ። ደብተሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። የተማሪው ስም፣ ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የሰጠው ምክንያት፣ የተማሪው ፊርማ። የልጄ ስም ሦስት ቦታ ሰፍሯል፤ በመጀመሪያው አጠገብ «በቃል ተመክሯል»፣ በሁለተኛው «በጽሑፍ፣ ቅጂው ከማኅደሩ ተያይዟል»፣ በሦስተኛው «ወላጅ ይጠራ» ይላል። በሁሉም ሥር ልጄ በዚያች በማውቃት ጠማማ ፊርማው ፈርሟል። ፍርድ ቤት ስንፈልገው የቀረነው ወረቀት የ15 ዓመት ልጅ እየፈረመበት እዚህ ተቀምጧል ብዬ ደነገጥኩ። ሰውየው የወላጅ ቃል የሚለውን ቅጽ ሲያስፈርሙኝ ስማቸውን አየሁት፤ የእጅ ጽሕፈቱንም ለየሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ፋብሪካ አመልክተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «አዎ፣ ነበር፤ መልስ አልመጣም» አሉኝ፣ ምንም ሳይመስላቸው። ደብዳቤያቸውን የጣልኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ይህን ሁሉ ዓመት ከጥፋቱ ይልቅ የሚቆጨኝ ይህ ዝምታዬ ነው፤ ቢያንስ ቀጣዩን ማመልከቻ እንዴት መጻፍ እንዳለባቸው በዚያች አግዳሚ ላይ ልነግራቸው እችል ነበር።

ጥፋቱን ለእሳቸው ማካፈል ባልፈልግም፣ ደብዳቤው ደብተሩን እንዳላነሣው መናገር አለብኝ። «ለ4 ዓመታት የዩኒት ሊደር ሆኜ የተማሪዎችን መቅረትና ማርፈድ በፊርማ አረጋግጬ መዝግቤአለሁ፣ ማስጠንቀቂያ በየደረጃው ሰጥቻለሁ፣ የዲሲፕሊን ጉዳዮችን ቃለ ጉባኤ ይዤ አደራጅቻለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢኖር፣ እኔ ያን ዜሮ ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም ነበር። አጣሪው ሰው ክፉ አይደለም፤ መሙላት ያለበት ዓምድ አለው፣ የሚሞላበትን ቃል ደግሞ ከእናንተ ደብዳቤ ነው የሚጠብቀው። ዛሬ ወረቀቱ በኤክሴል ተተክቷል፣ ዓምዱ ግን እዚያው ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ደብዳቤ ልመለስ። የመጀመሪያው አንቀጽ ከፍተኛ የመግባባት ችሎታ እንዳላት፣ ጫናን ተቋቁማ እንደምትሠራና ለውጤት የምትተጋ መሆኗን ይገልጻል። የዛሬ ወጣቶች ደብዳቤ ሁሉ ይህንኑ ስለሚል ስም ቢለዋወጥበት የሚያውቅ የለም፤ ከስልክ ላይ እየቀዱ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይልኩታል። በእኛ ጊዜ እንዲህ አልነበረም ልል ነበር፤ ነገር ግን እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ማመልከቻ ያስጻፍኩት ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡ ራፖር ጸሐፊዎች ከአንዱ ነው፤ እሱም ከእኔ በፊት ለተሰለፈው ሰው ከጻፈው ደብዳቤ አንድ ቃል አልለወጠም።

ደውዬ፣ ከማስተማር ውጭ ትምህርት ቤቱ ምን ያሠራት እንደነበር ጠየቅኋት። መጀመሪያ «ምንም» አለች። ቆይታ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ መሆኗን፣ ቆይታ ደግሞ ለአዲስ መምህራን አማካሪ ሆና መመደቧን ነገረችኝ። መምህራን ይህን ሥራ ተጨማሪ ጣጣ አድርገው ስለሚያዩት ደብዳቤ ላይ ማስፈር ያሳፍራቸዋል፤ ለሰው ኃይል ክፍል ግን ዋናው ማስተማሩ ሳይሆን ይህ ጣጣ ነው። ስለዚህ ያን አንቀጽ ሰርዘን እንዲህ አልነው፦

«ላለፉት 3 ዓመታት የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። አቤቱታ ሲቀርብ የሁለቱን ወገን ቃል ለየብቻ በጽሑፍ እቀበላለሁ፤ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ ቃለ ጉባኤውን አዘጋጅቼ አስፈርማለሁ፤ ውሳኔውን ከነማስረጃው በማኅደር አያይዛለሁ። በዚህ መንገድ ከታዩ 41 ጉዳዮች 2ቱ ወደ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በቅሬታ ቀርበው፣ በፋይሉ ላይ በመመሥረት ውሳኔው ጸንቷል። በተጨማሪም ለ4 አዲስ መምህራን አማካሪ በመሆን የሥራ ማስተዋወቅ፣ የክፍል ምልከታና የጽሑፍ ግብረ መልስ አከናውኛለሁ፤ ይህም በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛን ከመከታተል ጋር ይቀራረባል።»

በቁጥር ደብዳቤ አታጭቁ እያልኩ ሠላሳ ዓመት ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ 41 እና 2ን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም በቅሬታ ያልፈረሱት ሁለቱ ፋይሎች ከቀረው ደብዳቤ ሁሉ ይበልጥ ይናገራሉ። የሰው ኃይል ኃላፊ ሌሊት የሚያስጨንቀው የተከሰሰበት ፋይል ነው።

የማይሻገረውንም አብራችሁ ማወቅ አለባችሁ። ተማሪን መገሠጽ ሠራተኛን ከመቅጣት ይለያል፤ ሠራተኛው ውል አለው፣ ይግባኝ አለው፣ ቀነ ገደብም አለው። አሁን በሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በማርፈድ ለማሰናበት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 8 ጊዜ ያረፈደ መሆን ይኖርበታል፤ የሙከራ ጊዜም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ደመወዝ ማዘጋጀት፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ የሚቆረጠውን የጡረታ መዋጮ ማስላት ትምህርት ቤት አይገኝም። ልጅቷ ይህን ለመሸፈን «ፈጣን ተማሪ ነኝ» ብላ ነበር። እኔ ደግሞ «ደመወዝ አዘጋጅቼ አላውቅም፤ አዋጁን አንብቤአለሁ፣ ኤክሴል የተማሪዎችን ሮስተር በማዘጋጀት እሠራበታለሁ» ብላ እንድትጽፍ መከርኳት፣ አዋጁን በእርግጥ አንብባ ስትጨርስ። በቃለ መጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያው ስለሚወጣ፣ ያላነበበ ሰው ወዲያው ይታወቃል።

በተጨማሪም ይህ ሁሉ የሚሠራው ለግል ድርጅቶችና ለመንግሥታዊ ላልሆኑ ተቋማት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሥራ መደቡ የሚጠይቀው የትምህርት ዓይነት አስቀድሞ ተወስኖ ስለሚወጣ፣ የባዮሎጂ ዲግሪ ከዝርዝሩ ከሌለ ምንም ዓይነት ደብዳቤ አያስገባም፤ ለቴምብርና ለትራንስፖርት አትክሰሩ።

ብዙ መምህራን የሚወድቁት ግን ከደብዳቤው በኋላ ነው። ከትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ በአብዛኛው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመምህርነት አገልግለዋል» ብቻ ስለሚል፣ ደብዳቤው አንድ ነገር ይናገራል፣ ማስረጃው ሌላ። አጣሪው ደግሞ ማኅተም ያለበትን ያምናል። የኮሚቴ ጸሐፊነቱም ሆነ አማካሪነቱ በደብዳቤ የተመደባችሁበት ከሆነ የምደባውን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ፤ ከሌለም ርእሰ መምህሩ ተጨማሪ ኃላፊነቶቹን ከነዘመናቸው በልምድ ማስረጃው ላይ እንዲያካትቱ በማመልከቻ ጠይቁ። ሥራ መልቀቃችሁን ካስታወቃችሁ በኋላ ሳይሆን አስቀድማችሁ፣ ፊት ሳይጠቁር።

የጎረቤቴ ልጅ የአማካሪነቱ ምደባ ደብዳቤ አላት። የኮሚቴውን ግን ማንም ጽፎ አልሰጣትም፤ በስብሰባ ላይ «አንቺ ጻፊ» ተብላ ነው የጀመረችው። የማመልከቻው ቀን ዓርብ ያበቃል፤ ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ወጥተዋል፣ ማኅተሙም ከእሳቸው ጋር ተቆልፎበታል። ነገ በጠዋት ምክትላቸውን ይዛ የቃለ ጉባኤዎቹን የመጀመሪያ ገጽ፣ ጸሐፊ ብላ የፈረመችበትን፣ የተማሪዎቹን ስም ሸፍና ኮፒ እንድታደርግ ነግሬአታለሁ።