ገቢው ብር፣ ክፍያው ዶላር፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ እሠራለሁ። በምንዛሪ የተነሳ በጀት የተዛባባችሁ ጠይቁኝ።

ፈረንጅ አራዳ የዲዛይንና የሕትመት ቤት አለኝ። ገቢዬ ብር ነው፣ ለሶፍትዌር ግን በዓመት አንዴ 240 ዶላር እከፍላለሁ። በጀት ላይ በስንት ብር ልያዘው?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ በብር አትያዘው። ደብተርህ ላይ 240 ዶላር ብለህ ጻፍ፣ ምንዛሪውን ከጎኑ ለብቻው አድርገው። ብዙ ሰው ባንክ ከለጠፈው ላይ የመግዣውን ዋጋ አይቶ ያሰላል። አንተን የሚመለከትህ የመሸጫው ነው፣ ምክንያቱም ባንኩ ዶላር የሚሸጠው ላንተ ነው፤ በዚያ ላይ ኮሚሽንና የካርድ ክፍያ አለ። ስለዚህ ያለፈውን ክፍያ የባንክ መግለጫ አውጣና ከሒሳብህ በጠቅላላ የወጣውን ብር ለ240 አካፍል። ለምሳሌ 38,400 ብር ከወጣ፣ የተለጠፈው 150 ቢሆንም ያንተ ምንዛሪ 160 ነው።

እሱ ላይ 10 በመቶ ጨምርና 176 በለው። ዓመቱ 42,240 ብር ይመጣል፣ በወር 3,520። ይህን ከሱቁ ገንዘብ ለይተህ ሌላ ሒሳብ ውስጥ አስቀምጥ፣ ካልለየኸው ለወረቀት ይወጣል። ስድስት ወር ላይ እንደገና አስላ። ያኔ ከነመጠባበቂያው 190 ከሆነ የሚያስፈልግህ 45,600 ብር ነው። 21,120 ይዘሃል፣ የቀረው 24,480 ለስድስት ወር ሲከፈል 4,080 ይሆናል። በወር 560 ብር ጨመረብህ ማለት ነው፤ ዋጋህን ቀስ ብለህ ለማስተካከል ገና ጊዜ አለህ።

10 በመቶ ምን ይሠራል? በ2016 ሐምሌ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል እኮ!

እውነትህን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 10 በመቶ የያዘ ሰው ምንም አልዳነም። 10 በመቶ ቀስ እያለ ለሚንሸራተት ምንዛሪ ነው። ለእንደዚያ ዓይነት ዝላይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ የትኛውን አገልግሎት መጀመሪያ እንደምታቋርጥ አስቀድመህ ጻፍ። ለደንበኛ የምትሰጠው ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና አስፍር። እኔ 15 ቀን ነው የምመክረው፤ ደንበኛው መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ክፍያው ራሱ ወራት ስለሚፈጅ 15 ቀኑ ብቻውን አያድንህም፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቅ። አንድ ነገር አትርሳ፦ የፕሪንተር ቀለምም በብር ትግዛው እንጂ ዋጋው የሚከተለው ዶላርን ነው። በጀትህ ላይ ከሶፍትዌሩ ጋር አንድ ላይ መድበው።

የኔ ተቃራኒ ነው። ኦንላይን ሠርቼ በዶላር ይከፈለኛል፣ የቤት ኪራይ ሄርማታ በብር እከፍላለሁ። ዶላር መጨመሩ ስለማይቀር ሳልመነዝር ባቆየው አይሻልም?

ግማሹ ልክ ነው እህቴ። የሚተርፍሽን ማቆየት ትችያለሽ። ኪራዩንና አስቤዛውን የምትከፍይበትን ግን አታቆዪ፣ ምንዛሪው ለአንድ ወር ቢረጋ ወይም ትንሽ ቢወርድ አከራይሽ አይጠብቅሽም። ክፍያው በገባ ቀን የዚያን ወርና የሚቀጥለውን ወር ወጪ መንዝሪ። ገቢሽን ስትገምቺ የመግዣውን ዋጋ ያዢ፣ እሱም ካለፉት ወራት ዝቅተኛውን። ባንኮች ደግሞ አሁን የየራሳቸውን ዋጋ ነው የሚያወጡት፣ ከመመንዘርሽ በፊት የሁለት ሦስቱን አወዳድሪ።

እኔን ይሄ አይመለከተኝም መሰለኝ። እህቴ ከሳዑዲ የምትልክልኝ ሪያል እንጂ ዶላር አይደለም።

ይመለከትሃል። የሳዑዲ ሪያል በፈረንጆቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ 1 ዶላር በ3.75 ሪያል ተቆርጦ የታሰረ ነው። ዶላር በብር ሲጨምር ሪያሉም በዚያው ልክ ይጨምራል። ከእህትህ ጋር ስትነጋገሩ ግን የሚያስፈልግህን በብር ንገራት፣ ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚጎድለውን ያህል። በሪያል ቁርጥ ካደረጋችሁ ምንዛሪው በወረደ ወር ጉድለቱ አንተ ላይ ይቀራል።

ጋሼ፣ ታዲያ ጥቁር ገበያ ገዝቶ ማስቀመጥ አይቀልም?

ሕገወጥ ነው፣ ደረሰኝም የለውም። ግብር ስታወራርድ ያን ወጪ በምን ታስመዘግበዋለህ?

የሕትመት ቤቱ ነኝ። የሶፍትዌሩ ድርጅት የሁለት ዓመት በአንድ ጊዜ ከከፈልኩ ቅናሽ አደርጋለሁ ይላል። ልክፈል?

እኔና የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አንስማማም። እሱ አሁን ክፈል፣ ምንዛሪውን ከቆለፍከው ሁለት ዓመት ትተኛለህ ይላል። እኔ ደግሞ ያን ብር ሱቅ ውስጥ ወረቀት ብትገዛበት የተሻለ ያመጣልህ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ወረቀትህ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅና ትርፉ ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ፣ አብረን እናስላው።