በተማሪ ፈቃድ የሚሠራ ሶፍትዌርና ከምረቃ በኋላ ያለው ሥራ

ጥያቄ፦ «የአምስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ኦቶካድና ሬቪት የተባሉትን የንድፍ ሶፍትዌሮች በተማሪ ፈቃድ በነጻ እጠቀማለሁ። ዘንድሮ ለማደስ የላክሁት የተማሪነት ማስረጃ ግን ውድቅ ተደረገብኝ። ሰኔ ላይ እመረቃለሁ፤ በገጠር ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ አንድ አገር በቀል ድርጅትም ንድፍ እንድሠራለት በደመወዝ ሊቀጥረኝ ነው። በያዝሁት ፈቃድ መቀጠል እችላለሁ? ድርጅቱስ ለትርፍ ያልቆመ በመሆኑ ቅናሽ ያገኛል? በቅናሽ የሚገኘው ሶፍትዌር ጎደሎ ይሆን?»

መልስ፦ የተማሪ ፈቃድዎን ለመመረቂያ ሥራዎ ማደስ ይችላሉ፣ ማደስም ይገባዎታል፤ የድርጅቱን ንድፍ ግን በዚያ ፈቃድ መሥራት አይችሉም። ድርጅቱ የራሱን ቅናሽ በራሱ ስምና በራሱ ማስረጃ ይጠይቃል እንጂ የእርስዎ ተማሪነት ለእርሱ አያገለግልም። ከሁሉም አስቀድሜ ውድቅ የተደረገውን ማስረጃ አነሳለሁ፤ ምክንያቱም የመመረቂያ ሥራዎ የሚጠብቀው እርሱን ነው።

የኦቶካድና የሬቪት ባለቤት የሆነው ኦቶዴስክ ለተማሪ የሚሰጠው ፈቃድ የአንድ ዓመት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ባለፈው ጊዜ ተማሪ መሆንዎ አይታሰብልዎትም፤ አሁን በትምህርት ላይ መሆንዎ እንደ አዲስ ይረጋገጣል። የሚላከው ሰነድ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ማሳየት አለበት፤ እነርሱም ሙሉ ስምዎ፣ የትምህርት ተቋሙ ስም እና በያዝነው የትምህርት ዘመን ውስጥ የሚውል ቀን ናቸው። ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚላኩ ማስረጃዎች በአብዛኛው የሚሰናከሉት በሦስተኛው፣ ማለትም በቀኑ ላይ ነው።

ለምሳሌ ሬጅስትራር በእንግሊዝኛ ጽፎ የሰጠዎት ደብዳቤ የተጻፈው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። በደብዳቤው ራስጌ ላይ 12/02/2018 ተብሎ ቢሰፍር፣ የእኛን የዘመን አቆጣጠር የማያውቀው መርማሪ ወይም ሰነዱን የሚያነብበው ሥርዓት ቀኑን የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ የተጻፈ አድርጎ ይወስደዋል። ማስረጃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ይመለሳል። ከቀኑ አጠገብ የምትጻፈው የዓመተ ምሕረት ምልክት ለእኛ ብዙ ትናገራለች፤ ለእነርሱ ግን ምንም አትነግራቸውም። ስለዚህ ሬጅስትራሩ አዲስ ደብዳቤ እንዲጽፍልዎ ሲጠይቁ፣ ቀኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኦክቶበር 22 ቀን 2025 ተብሎ በወሩ ስም እንዲጻፍ፣ የትምህርት ዘመኑም 2025/26 ተብሎ እንዲገለጽ፣ የሚመረቁበት ወርም እንዲጠቀስ ያሳስቡ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስም ሲጻፍ ቀኑና ወሩ ተቀያይረው የመነበብ ዕድል አይኖራቸውም።

የተማሪ መታወቂያ ብዙ ጊዜ የማያዋጣው በዚሁ ምክንያት ነው። መታወቂያው የሚያበቃበት ቀን ከሌለው፣ ወይም በየዓመቱ የሚታደሰው ከጀርባው በሚደረግ ማኅተም ከሆነ፣ የፊት ገጹ ፎቶ ብቻውን አሁን ተማሪ መሆንዎን አያሳይም። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ እንደ ማስረጃ የሚጠቀሰው የትምህርት ክፍያ ደረሰኝም በወጪ መጋራት ለሚማር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እጁ ላይ የሚገኝ ነገር አይደለም። የሴሚስተሩ የምዝገባ ስሊፕ ሊያገለግል ይችላል፤ ይሁንና ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ያው ችግር ይደገማል። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚሻለው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት የሬጅስትራር ደብዳቤ ነው፤ እርሱም በስልክ ተነሥቶ ሳይሆን ጠርዞቹ ሳይቆረጡ በስካነር ተነብቦ ቢላክ ይመረጣል።

ስምን በተመለከተ፣ በመለያዎ ላይ ያሰፈሩት ስም ከሰነዱ ጋር በፊደል እስከ መጨረሻው አንድ መሆን ይኖርበታል። ፀሐይ የሚለው ስም በሰነዱ ላይ Tsehay፣ በመለያው ላይ Tsehai ተብሎ ቢጻፍ እኛ ልዩነቱን ከቁም ነገር አንቆጥረውም፤ ማረጋገጫው ግን ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። በመለያው ላይ የአባት ስም በሚሞላበት ቦታ የአያት ስም የገባ እንደሆነም እንዲሁ ነው። ሰነዱን ከማስለወጥ ይልቅ መለያውን ማስተካከል ይቀልላልና አዲሱን ማስረጃ ከመላክዎ በፊት መለያዎን ከፍተው ይመልከቱ።

ሶፍትዌሩ ጎደሎ ይሆን ላሉት፣ ተማሪ የሚያገኛቸው ኦቶካድና ሬቪት ቢሮዎች በሙሉ ዋጋ ከሚገዟቸው ጋር አንድ ናቸው፤ የተቆለፈ መሣሪያ፣ የተገደበ የፋይል መጠን ወይም የተቀነሰ ትእዛዝ የለባቸውም። የሚለየው በሶፍትዌሩ ምን መሥራት እንደተፈቀደ ነው፤ የትምህርት ፈቃዱ ለመማር፣ ለማስተማር፣ ለሥልጠናና ለምርምር እንጂ ለሙያ አገልግሎት አልተሰጠም። ተማሪ ከኩባንያው በቀጥታ የሚያገኘው የቴክኒክ ድጋፍም ውስን ነው። በኦቶካድ 2014 እና ከዚያ በፊት በነበሩት እትሞች በተማሪ ፈቃድ የተሠራ ንድፍ ሲታተም በወረቀቱ ዙሪያ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣ ነበር። በኋለኞቹ እትሞች ያ ጽሑፍ ስለቀረ ብዙ ተመራቂዎች ክልከላውም አብሮ የቀረ ይመስላቸዋል። ክልከላው ግን አልቀረም፤ የቀረው ምልክቱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ፈቃድዎን ግንቦት ላይ ካደሱ የሶፍትዌሩ ቆጣሪ እስከሚቀጥለው ግንቦት ሊሄድ ይችላል፤ ከምረቃ በኋላም ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይከፈታል። በዚያ ጊዜ በደመወዝ የሚሠሩት ንድፍ ግን ከፈቃዱ ውጭ ነው። አሠሪዎ በጎ አድራጊ መሆኑም ይህን አይለውጠውም፤ እርስዎ እየተማሩ ሳይሆን በሙያዎ እያገለገሉ ነውና። ንድፉ ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርብና የድርጅቱ ስም ያለበት ስለሚሆን ተጠያቂነቱ ከእርስዎ አልፎ ወደ ቀጣሪዎ ይደርሳል።

ወደ ድርጅቱ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሕጋዊ ሰውነት ማስረጃ ነው። አገር በቀል ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበበት የምስክር ወረቀት ይኖረዋል፤ የድርጅቱ የእንግሊዝኛ ስም በምስክር ወረቀቱ፣ በድረ ገጹና በማመልከቻው ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አመልካቹም ድርጅቱን እንዲወክል ሥልጣን የተሰጠው ሰው መሆንና በድርጅቱ የኢሜይል አድራሻ መጻፍ አለበት፤ ከግል ኢሜይል የተላከ ማመልከቻ ጥርጣሬ ያስነሣል። ማጣራቱን ብዙ ጊዜ የሚያከናውነው ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ኩባንያ ራሱ ሳይሆን እንደ ተክሱፕ ወይም ጉድስታክ ያለ አረጋጋጭ ስለሆነ ምላሹ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻው እርስዎ ሥራ ከመጀመርዎ አስቀድሞ ቢገባ ይበጃል።

በአንዱ ኩባንያ ዘንድ ብቁ የሆነ ድርጅት በሌላውም ብቁ ነው ማለት አይደለም። የፕሮግራም ኮድ ማከማቻ የሆነው ጊትሀብ ለምሳሌ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች የሚሰጠውን ጥቅም ሃይማኖታዊ ወገንተኝነት ላላቸው፣ ለፖለቲካ ድርጅቶችና ለትምህርት ተቋማት አይሰጥም። ቀጣሪዎ የአንድ ቤተ እምነት የልማት ክፍል ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ከከንቱ ድካም ያድነዋል። ኦቶዴስክ በበኩሉ በንድፍ ሥራ ማኅበራዊ ወይም አካባቢያዊ ችግር ለሚፈቱ ድርጅቶች የቴክኖሎጂ ኢምፓክት ፕሮግራም የሚባል ድጋፍ አለው፤ ለገጠር ልጆች ትምህርት ቤት የሚነድፍ ድርጅት ለዚህ ዓይነቱ ድጋፍ ቅርብ ነውና ማመልከቻው ውስጥ ንድፉ በዓላማው ላይ ያለው ድርሻ በግልጽ ይጻፍ።

በድርጅቶች ቅናሽ ላይ «ባሕርያቱ አንድ ናቸው ወይ» የሚለው ጥያቄ ከተማሪ ፈቃዱ ይልቅ ጠንቃቃ ንባብ ይፈልጋል። ማይክሮሶፍት ብቁ ለሆኑ ድርጅቶች ቢዝነስ ፕሪሚየም የተባለውን ጥቅል እስከ 10 ለሚደርሱ ተጠቃሚዎች በነጻ ይሰጥ ነበር፤ በዚያ ውስጥ ዎርድና ኤክሴል በኮምፒውተር ላይ ተጭነው ይሠራሉ። ኩባንያው ግን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ የየድርጅቱ የማደሻ ቀን ሲደርስ ይህን ነጻ ጥቅል አቋረጠና እስከ 300 ተጠቃሚ በነጻ የሚሰጠውን ቢዝነስ ቤዚክን አስቀረ። ቤዚክ ኢሜይልና የጋራ ማከማቻ አለው፤ ዎርድና ኤክሴል ግን በድረ ገጽና በስልክ ብቻ ነው የሚሠሩት። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት የመስክ ጽሕፈት ቤት ይህ ልዩነት ሥራ ያስቆማል። ድርጅቱ ያኔም አሁንም ለትርፍ ያልቆመ ነው፤ የብቃት ማረጋገጫውም አልወደቀም፤ የተለወጠው የስጦታው ዓይነት ነው። ስለዚህ በማደሻ ሰሞን ማስረጃው መታደሱን ብቻ ሳይሆን የሚታደሰው የትኛው ጥቅል እንደሆነም መታየት አለበት።

የቅጥር ውል ከመፈረምዎ በፊት ድርጅቱን ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የንድፍ ሶፍትዌሩን ፈቃድ ማን እንደሚያቀርብ፣ የትኛው የሬቪት እትም እንደሚሆንም። ሁለተኛው ከቁም ነገር የሚቆጠረው በአዲስ እትም የተቀመጠ የሬቪት ፋይል ተመልሶ በአሮጌው ስለማይከፈት ነው፤ ድርጅቱ ከአማካሪ መሐንዲስ ጋር ፋይል የሚለዋወጥ ከሆነ የአማካሪውን እትም መከተል ይኖርባችኋል። ስጦታው ቢዘገይ ወይም ባይገኝ፣ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚነድፍ ድርጅት የወር ደንበኝነት ወይም በተጠቀሙበት ቀን የሚታሰበው ፍሌክስ የተባለው አከፋፈል ከዓመታዊ ክፍያ ሊቀልል ይችላል፤ ሒሳቡን በሥራ ቀናቱ ብዛት አስልተው ለሥራ አስኪያጁ ቢያቀርቡለት መልካም ነው።

የመመረቂያ ሥራዎን በሚመለከት ደግሞ፣ የተማሪ ፈቃዱ ሲያበቃ ፕሮግራሙ መከፈቱን ያቆማል፤ ፋይሎቹ ግን በኮምፒውተርዎ ላይ ይቀራሉ። ከዚያ በፊት ለሥራ ፍለጋ የሚያሳዩአቸውን ሉሆች በፒዲኤፍ ያውጡ፤ የኦቶካድ ንድፎችን ደግሞ በነጻ በሚገኘው DWG TrueView ከፍተው ማየትና ማተም ስለሚችሉ ያንን ፕሮግራም አሁኑኑ ጭነው ፋይሎችዎ በትክክል መከፈታቸውን ይሞክሩ።